ከአገር ስትወጡ የሚጠፋው ፊልም የት ይሄዳል? ስልካችን አገራችንን የሚያውቅባቸው ሦስት ቦታዎች

በቻናላችን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ፖለቲካውና ስለ ኑሮው ነው። ዛሬ ግን ኪሳችን ውስጥ ስላለው ስልክ ላውራችሁ። ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ሁለት ሰዎች ገንዘባቸውንና ጊዜያቸውን ሲያባክኑ በቅርብ አይቻለሁ፤ ሁለቱም ደግሞ ስልካቸው የተበላሸ መስሏቸው ነበር።

የመጀመሪያው ዲሲ ውስጥ ያሳፈርኳቸው ሰውዬ ናቸው። ከአዲስ አበባ ከተመለሱ ሳምንት አልሞላቸውም። ሐበሻ መሆኔን ሲያውቁ ጨዋታ ጀመርንና፣ «ወንድሜ፣ አንተ ወጣት ነህ፣ ይሄን ነገር ታውቀው ይሆናል» ብለው ጠየቁኝ። ወደ አገር ቤት ከመሄዳቸው በፊት ለልጆቻቸው ከሚከፍሉበት የፊልም አገልግሎት አሥር የሚሆን ፊልም ስልክና ታብሌት ላይ አውርደው ነበር። አውሮፕላን ውስጥ ሁሉም በደንብ ሠራ። አዲስ አበባ እናታቸው ቤት ገብተው ዋይፋይ ሲያገናኙ ግን ግማሹ ምልክት ተደርጎበት አልከፈት አለ። ልጆቹ አለቀሱ። እሳቸውም ክፍያው ያልተላለፈ መሰላቸውና አሜሪካ ያለው ባንካቸው ጋ ደወሉ፤ ባንኩ «ተከፍሏል» አላቸው። ቀጥለው በሌላ ኢሜይል አዲስ አካውንት ከፍተው እንደገና ከፈሉ። አሁንም እነዚያ ፊልሞች የሉም! አሜሪካ ሲመለሱ ሁሉም ነገር በራሱ ጊዜ ተከፈተ። የቀራቸው በየወሩ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

«ስልኩ ነው የተበላሸው ወይስ እያጭበረበሩኝ ነው?» አሉኝ። ጋሼ፣ ሁለቱም አይደለም አልኳቸው። ነገሩን ያስረዳኋቸው በራሴ ሥራ ነው፤ እናንተም እንዲገባችሁ ከዚያው ልጀምር።

የዲሲ ፈቃድ ያለው ታክሲ ከዲሲ ሰው ጭኖ ቨርጂኒያ ተሻግሮ አርሊንግተን ላይ ማውረድ ይችላል። እዚያ መንገድ ዳር ቆሞ እጁን የዘረጋ ሰው ግን መጫን አይፈቀድለትም። መኪናው ያው ነው፣ ሹፌሩ ያው ነው፣ ድልድዩን ሲሻገር የተለወጠው ፈቃዱ የሚሠራበት ክልል ነው። ፊልምና ሙዚቃም እንደዚሁ ነው። ፊልሙን የሠራው ኩባንያ የማሳያ መብቱን የሚሸጠው አገር በአገር ነው። አንዱ ፊልም አሜሪካ ውስጥ ለአንድ አገልግሎት ተሽጦ፣ አውሮፓ ውስጥ ለሌላ ቴሌቪዥን ተሽጦ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ጭራሽ ለማንም ሳይሸጥ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ እናንተ የከፈላችሁበት አገልግሎት ድንበር ስትሻገሩ ያንን ፊልም ሊያሳያችሁ ፈቃድ የለውም። ክፍያችሁን አልካደም፤ አርሊንግተን ላይ እንደቆመው የዲሲ ታክሲ ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ ስልኩ «ድንበር ተሻግሯል» ብሎ የሚያውቀው በምንድነው? ግራ መጋባቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አገራችን የሚታወቅበት ቦታ አንድ አይደለም፣ ሦስት ነው። ሦስቱም የተለያየ ሥራ አላቸው። የትኛው እንደከለከላችሁ ካላወቃችሁ፣ እንደ ሰውዬው ያልተበላሸውን ትጠግናላችሁ።

አንደኛው አሁን የተቀመጣችሁበት ቦታ ነው። ኢንተርኔት ስትከፍቱ መስመሩ የሚሰጣችሁ አይፒ የሚባል ቁጥር አለ። ያ ቁጥር የየትኛው አገር የኢንተርኔት ድርጅት እንደሆነ ስለሚታወቅ፣ አገልግሎቱ የት እንዳላችሁ የሚያየው በእሱ ነው። ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ዛሬ የሚያሳዩአችሁን የፊልም ዝርዝር የሚመርጡት በዚህ ነው። አካውንታችሁ የአሜሪካ ቢሆንም አዲስ አበባ ስትገቡ የሚመጣላችሁ የኢትዮጵያው ዝርዝር ነው። ያወረዳችሁትም አንዳንዱ እስክትመለሱ ድረስ ሊቆለፍ ይችላል። የሰውዬው ሁለተኛ አካውንት ያልጠቀማቸው ለዚህ ነው፤ የከለከላቸው ቦታው እንጂ አካውንቱ አልነበረም።

ሁለተኛው የአካውንታችሁ አገር ነው። አፕ ስቶርም ሆነ ጉግል ፕሌይ አካውንታችሁን በአንድ አገር ስም መዝግበውታል። ይሄኛው እንደ መታወቂያ ነው፣ በአውሮፕላን ስለተሳፈራችሁ አይለወጥም። በአሜሪካ አካውንት ናይሮቢም ሂዱ ሮም፣ የሚታያችሁ የአሜሪካው ስቶር ነው፣ ዋጋውም በዶላር ነው። የትኛውን አፕ ማውረድ እንደምትችሉ፣ ምን እንደምትገዙና በየትኛው ገንዘብ እንደምትከፍሉ የሚወስነው እሱ ነው።

ሦስተኛው ገንዘቡ የሚወጣበት አገር ነው። የባንክ ካርድ የመጀመሪያዎቹ 6 ወይም 8 ቁጥሮች ካርዱን የሰጠው ባንክ ማን እንደሆነና የየት አገር እንደሆነ ይናገራሉ። የኤምሬትስ ካርድ በአሜሪካ አካውንት ላይ ስታስገቡ የማይቀበለው ለዚህ ነው። የስጦታ ካርድም እንዲሁ ነው። ብዙዎቻችን አሜሪካ የአፕል ካርድ ገዝተን ቁጥሩን ፎቶ አንስተን ለዱባይ ወይም ለለንደን ዘመድ እንልካለን። የእሱ አካውንት የሌላ አገር ከሆነ ካርዱ አይሠራለትም፤ የአሜሪካ ካርድ የሚገባው ለአሜሪካ አካውንት ብቻ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት «አካውንትህ የየት አገር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከሦስቱ ውጭ የሆነ፣ ግን ብዙ ሰው የሚነካካው ነገር አለ። አይፎን ላይ Settings ውስጥ General ከዚያ Language & Region የሚል አለ። «አገሬን እዚህ ቀየርኩት፣ ምንም የለም» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አዎ፣ ምንም አይመጣም። እሱ የሚቀይረው ቀኑ፣ ቁጥሩና የገንዘቡ ምልክት እንዴት እንደሚጻፍ ነው። ዩቲዩብ ላይ ያለው Location የሚለውም የሚቀይረው ዩቲዩብ የሚጠቁማችሁን ቪዲዮ ነው እንጂ፣ በአገሩ የተከለከለ ቪዲዮ አይከፍትላችሁም።

ዩቲዩብን ካነሳን፣ አንዳንዶቻችሁ «የአንተ ቪዲዮ እዚህ አይከፈትም» ትሉኛላችሁ። እኔ አገር መርጬ አልዘጋሁም። ቪዲዮው ውስጥ ዘፈን ካለ የዘፈኑ ባለመብት ቪዲዮውን በአንዳንድ አገሮች ብቻ እንዳይታይ ማድረግ ይችላል። ዩቲዩብ ድምፁን በራሱ ለይቶ ያውቀዋል፣ ባለመብቱ ባዘዘው መሠረት ይዘጋዋል። እዚህም የሚያየው የተቀመጣችሁበትን ቦታ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። የትኛው እንደከለከላችሁ እንዴት ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ቪፒኤን ካላችሁ አጥፉት። ብዙ ሰው ከወራት በፊት የጫነውን ቪፒኤን ረስቶት ስልኩ ሌላ አገር ያለ መስሎ ይውላል። ከዚያ መልእክቱን አንብቡት፣ ዝም ብላችሁ አትዝጉት።

አፑን ራሱን ማውረድ ካልቻላችሁና This app is currently not available in your country or region ካላችሁ፣ ጉዳዩ ሁለተኛው ነው፣ የአካውንት አገር። አፑ ከተከፈተ፣ ስማችሁን ካወቀ፣ ሌላ ፊልም ካጫወተ፣ የምትፈልጉት ብቻ ከጠፋ ጉዳዩ አንደኛው ነው፣ ያላችሁበት ቦታ። አገልግሎቱ ራሱ የሠራቸውን ፊልሞች ክፈቱ፤ እነሱ አብዛኛውን ጊዜ በሁሉም አገር ይታያሉ። እነሱ ከተከፈቱ አካውንታችሁም ክፍያችሁም ደህና ነው፣ ባንክ ጋ አትደውሉ። መክፈያው ገጽ ላይ ስትደርሱ ካርዱን ካልተቀበለ ሦስተኛው ነው።

አንድ ተጨማሪ መፈተኛ ልንገራችሁ። የአገራችሁን ሲም ካርድ በሮሚንግ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ኢንተርኔቱ አብዛኛውን ጊዜ ዞሮ በአገራችሁ ኩባንያ በኩል ነው የሚወጣው። ስለዚህ የሆቴሉን ዋይፋይ አጥፍታችሁ በሮሚንግ ስትከፍቱት ፊልሙ ብቅ ካለ፣ በዋይፋይ ሲሆን ከጠፋ፣ የከለከላችሁ ቦታው ለመሆኑ ማረጋገጫ አገኛችሁ። ለአንድ ደቂቃ ፈትሹና አጥፉት፤ በሮሚንግ ፊልም ማየት በወር መጨረሻ የሚያስደነግጥ ሂሳብ ያመጣል።

መልሱ የሚወሰነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ልትጎበኙ ነው የሄዳችሁት ወይስ ልትኖሩ?

ልትጎበኙ ከሆነ ምንም አትንኩ። ለሦስት ሳምንት ወይም ለሁለት ወር ብላችሁ የአካውንታችሁን አገር አትቀይሩ። ጉግል ፕሌይ አገር መቀየር የሚፈቅደው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዛሬ ዱባይ ላይ በእህታችሁ ካርድ ቀይራችሁ፣ በወሩ ሚኒሶታ ስትመለሱ ልመልሰው ብትሉ ዓመቱ እስኪሞላ ትጠብቃላችሁ። በድሮው አገር የነበራችሁ ቀሪ ሂሳብም በአዲሱ አገር አይሠራም። ለአንድ ፊልም ብላችሁ የዓመት ጣጣ ውስጥ መግባት ማለት ነው። ስፖቲፋይን በነፃ የምትጠቀሙ ደግሞ ከአካውንታችሁ አገር ውጭ የሚፈቀድላችሁ 14 ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢዘጋባችሁ አትደንግጡ። በክፍያ ለሚጠቀሙት ይህ የ14 ቀን ገደብ የለም።

ለልጆች የምታወርዱትን ፊልም ከአንድ ቦታ ብቻ አታድርጉት። የተወሰነው አገልግሎቱ ራሱ ከሠራቸው ይሁን፣ እነሱ የመቆለፍ ዕድላቸው ትንሽ ነው። የአገራችሁን ሲምም አትጣሉ፤ አገልግሎቱ ወይም ባንኩ የማረጋገጫ ቁጥር ሲልክ የሚመጣው በእሱ ነው።

አውሮፓ ላላችሁ ወገኖች የተለየ ነገር አለ። በአውሮፓ ኅብረት ከኤፕሪል 1 ቀን 2018 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አለ። ስዊድን ውስጥ ከፍላችሁ የምታዩት የፊልም ወይም የስፖርት አገልግሎት፣ ለጊዜው ጣሊያን ወይም ጀርመን ስትሄዱ ልክ ቤታችሁ እንዳላችሁ አድርጎ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ፣ ማሳየት አለበት። ስለዚህ በኅብረቱ አገሮች መካከል ስትዘዋወሩ የምትከፍሉበት ነገር ከጠፋ፣ ቅሬታ የማቅረብ መብት አላችሁ። ነፃ አገልግሎቶች ግን በዚህ አይገደዱም። እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ከዚህ ሕግ ውጭ ናችሁ። ከስቶክሆልም ወደ አዲስ አበባ የሄደ ሰውም ሕጉ አይከተለውም፤ የሚሠራው ኅብረቱ ውስጥ ብቻ ነው።

ልትኖሩ የሄዳችሁ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። አካውንቱን መቀየር አለባችሁ፤ ግን ቅደም ተከተል አለው። ሁለተኛዋ ሰው፣ የአክስቴ ልጅ፣ የተሰናከለችው እዚህ ላይ ነው።

ዱባይ ስድስት ዓመት ሠርታ ወደ እኛ ቨርጂኒያ መጣች። አይፎን ይዛለች፣ አካውንቱ የኤምሬትስ ነው። ሥራ አገኘችና ደመወዝ የሚገባበት ባንክ ክፈቺ ተባለች። እኔም እንዳዋቂ «ቀላል ነው፣ አፑን አውርጂና በስልክሽ ክፈቺ» አልኳት። አፑ በኤምሬትስ ስቶር ውስጥ የለም። «አገሩን እንቀይረው» አልኩ። አሁን ደግሞ ቀሪ ሂሳብ አለሽ፣ ያላለቀ የደንበኝነት ክፍያ አለሽ እያለ ከለከለን። የአሜሪካ ካርድም ይፈልጋል። ካርዱን የሚሰጣት ባንኩ ነው፣ ባንኩን የሚከፍትላት አፑ ነው፣ አፑን የሚያወርድላት ካርዱ ነው። ክብ ዙሪያ ስንዞር ሁለት ቀን ሄደ፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር፣ ሳላነብ ነው የነካካሁት።

በመጨረሻ ቁጭ ብለን በወረቀት ጻፍነው። ስልኩ ላይ የነበረው ይሄ ነው፦ 35 ድርሃም ቀሪ ሂሳብ፣ በወሩ 22 የሚያልቅ የሙዚቃ ክፍያ፣ ፎቶዎቿ ያሉበት 50 ጊጋባይት የአይክላውድ ቦታ፣ እና ዱባይ ካለችው እህቷ ጋር ያገናኛት የቤተሰብ መጋራት። አራቱም አገር ከመቀየሩ በፊት መጥራት የነበረባቸው ናቸው።

አስቸኳዩ ባንኩ ስለነበር እሱን ለየነው። ባንኩ ድረ ገጹ ላይም ማመልከቻ ይቀበላል፤ ሳፋሪ ላይ ከፍተን ሞላን። ድረ ገጽ ለመክፈት ስቶር አያስፈልግም፣ ይሄን መጀመሪያ አለማሰቤ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። አፑን ለማውረድ ደግሞ በአሜሪካ ስም ሁለተኛ የአፕል አካውንት ከፈትንላት። ነፃ አፕ ብቻ ለማውረድ ስለሆነ መክፈያው ቦታ ላይ None የሚለውን መረጥን። ከዚያ Settings ከፍተን፣ ስሟን ነክተን፣ Media & Purchases ውስጥ ከድሮው ወጥተን በአዲሱ ገባን። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ! የምትወጡት ከ Media & Purchases ብቻ ነው። ከታች ያለውን ዋናውን Sign Out ከነካችሁ ከአይክላውድ ነው የምትወጡት፤ ፎቶውም ስልክ ቁጥሩም ከስልኩ ላይ ሊነሳ ይችላል። ይህ መንገድ አንድ ጉድለት አለው፤ በድሮው አካውንት የወረዱ አፖች ሲታደሱ የድሮውን የይለፍ ቃል ይጠይቃሉ። ስለዚህ እንደ መሸጋገሪያ ነው የተጠቀምንበት።

ከዚያ ዋናውን አካውንት በእርጋታ ማጽዳት ጀመርን። መጀመሪያ ፎቶዎቿን ኮምፒውተር ላይ ገለበጥን። የአይክላውድ ክፍያው ሲቋረጥ ነፃው ቦታ 5 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ አዲስ ፎቶ መቀበልና የስልኩን ቅጂ መያዝ ያቆማል። ቀጥሎ Subscriptions ውስጥ ገብተን ክፍያዎቹን ሰረዝን። መሰረዝ ብቻ አይበቃም፣ የተከፈለበት ጊዜ ማለቅ አለበት፤ እስከ 22 ጠበቅን። ለዚህ ነው ከመጓዛችሁ ከአንድ ወር በፊት ሰርዙ የምላችሁ፤ የዓመት ክፍያ የከፈለ ሰውማ ረጅም ጊዜ ይጠብቃል። ከእህቷ ቤተሰብ መጋራትም ወጣች።

ቀሪው 35 ድርሃም ላይ አንድ አፕ ገዛችና 3 ድርሃም ተረፈ። በ3 ድርሃም የሚገዛ ነገር ጠፋ። ሂሳቡ ዜሮ ካልሆነ ደግሞ አገር አይቀየርም። እንዲህ ሲሆን መፍትሔው የአፕል ድጋፍ ሰጪ ጋ ደውሎ ቀሪውን እንዲሰርዙ መጠየቅ ነው። ደወለች፣ ሰረዙላት።

ይሄ ሁሉ ሲያልቅ የባንክ ካርዷም በፖስታ ደረሰ። በ Media & Purchases ወደ ዋናው አካውንቷ ተመለሰች፣ View Account ከዚያ Country/Region ውስጥ ገብታ United States መረጠች፣ ካርዱንና የቨርጂኒያ አድራሻዋን ሞላች፣ አለቀ። የመጨረሻው ሥራ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። በድሮው ስቶር የገዛቻቸው ፊልሞች ካሉ በአዲሱ ላይገኙ ስለሚችሉ፣ ከመቀየራችሁ በፊት አውርዳችሁ ያዙ።

አንድሮይድ ለያዛችሁ መንገዱ አጭር ነው። ጉግል ፕሌይ ከፍታችሁ ምስላችሁን ትነካላችሁ፣ Settings ከዚያ General ከዚያ Account and device preferences ውስጥ Country and profiles የሚል አለ። አዲሱ አገር የሚታያችሁ እዚያው አገር ውስጥ ካላችሁ ነው፤ የዚያ አገር ካርድም ያስፈልጋል። ለውጡ እስኪታይ እስከ 48 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። በዓመት አንድ ጊዜ የሚለውን አትርሱ። ኔትፍሊክስን በተመለከተ ደግሞ የአካውንቱን አገር የምትቀይሩበት ቁልፍ የለም። አዲሱ አገር ከገባችሁ በኋላ ሰርዛችሁ፣ የተከፈለበት ጊዜ ሲያልቅ እዚያው ሆናችሁ እንደገና ትጀምራላችሁ፤ ዋጋውም የዚያው አገር ይሆናል።

«ለምን ይሄ ሁሉ? ቪፒኤን አለ አይደል?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ቪፒኤን የሚቀይረው ከሦስቱ አንደኛውን ብቻ ነው፣ ቦታውን። የአካውንት አገርና ካርድ አይነካም፤ ስለዚህ የአክስቴን ልጅ ችግር አይፈታም ነበር። ለፊልምም ቢሆን ብዙ አገልግሎቶች ቪፒኤን መሆኑን ለይተው ይዘጋሉ፣ ውላቸውም አይፈቅድም። ኤምሬትስ ያላችሁ እህት ወንድሞች ደግሞ፣ እዚያ ቪፒኤንን ወንጀል ለመሥራት ወይም ለመደበቅ መጠቀም ከባድ ቅጣት ያለው መሆኑን አስቡበት።

በቴሌግራም «የዩቲዩብ ፕሪሚየም በርካሽ» እያሉ የሚሸጡም አሉ። የሚያደርጉት ዋጋው ርካሽ በሆነ አገር ስም መመዝገብ ነው። በ2024 ዩቲዩብ ከሚኖሩበት ውጭ በሆነ አገር ስም የተመዘገቡ ክፍያዎችን መሰረዝ ጀምሯል። ሻጩ ገንዘቡን በልቶ ይጠፋል፤ ኢሜይላችሁንና የይለፍ ቃላችሁን ሰጥታችሁት ከሆነ ደግሞ የጠፋው ፕሪሚየሙ ብቻ አይደለም።

ታክሲዬ ውስጥ ወደነበሩት ሰውዬ ልመለስ። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ስልካቸውን አወጡና ሁለቱን አካውንት አሳዩኝ። የመጀመሪያውን እንዲይዙ፣ ሁለተኛውን እንዲሰርዙ ነገርኳቸው። አንድ ነገር ደግሞ አስታወስኳቸው፤ አፑን ከስልክ ላይ ማጥፋት ክፍያውን አያቆምም፣ አካውንቱ ውስጥ ገብቶ መሰረዝ ያስፈልጋል። እሳቸው አፑን ካጠፉ ቀርቷል ብለው ነበር የሚያስቡት። ቤታቸው በር ላይ ስንደርስ፣ መኪናው ውስጥ እንዳሉ ሰርዘው ማረጋገጫው በኢሜይል እስኪመጣላቸው ጠበቅናት። ሂሳቡን ሳላስቆጥር ነው የጠበቅኩት።

እናንተም ዛሬ ስልካችሁን ክፈቱና አካውንታችሁ የየት አገር እንደሆነ እዩ። ብዙ ሰው ከሁለት አገር በፊት የኖረበት ሆኖ ያገኘዋል።